ከግራና ጉድጓድ እስከ ሽንኩርቱ ገበያ፦ የለውጥ ንድፈ ሐሳብ መቼ፣ ሎግፍሬም መቼ?

በሰሜን ወሎ ከቆቦ አንስቶ እስከ ሀብሩ ወረዳዋ ግራና የሚዘልቀው ሸለቆ በበጋ ሲያዩት ደረቅ ነው፤ ከሥሩ ግን ውሃ አለው። የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የተቋቋመውም በዚሁ ሸለቆ የከርሰ ምድሩን ውሃ በጥልቅ ጉድጓድና በኤሌክትሪክ ፓምፕ አውጥቶ ገበሬው ማሳ ላይ ለማድረስ ነበር። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢውን ሲይዘው መብራቱ ለወራት ጠፋ፣ ብዙ ንብረትም ተዘረፈ። እንዲህ ባለ ቦታ የመስኖ ፕሮጀክት የሚነድፍ ሰው አዲስ ነገር ከመፍጠር ይልቅ የቆመውን ማስነሣት ይቀናዋል፤ ሥራው ቀላል የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ይህ ጽሑፍ ወልድያ ወይም መርሳ ላይ ተቀምጠው እንዲህ ያለ ሰነድ ለሚያዘጋጁ ሰዎች ነው። ለጋሹ «የለውጥ ንድፈ ሐሳባችሁን አሳዩን» ይላል፤ ስምምነቱን የሚፈርመው የመንግሥት ቢሮ ደግሞ ተግባሩ፣ አመልካቹና በጀቱ በሎግፍሬም ሠንጠረዥ ተቀምጦ እንዲቀርብለት ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሠንጠረዡ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ከሱ ላይ ሣጥንና ቀስት ተቀድቶ ንድፈ ሐሳብ ይባላል። እንዲህ ከሆነ አንዱን ባይሠሩት ይሻላል፤ ሁለቱ ወረቀቶች የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነውና።

ሎግፍሬም የተወለደው በአሜሪካ የልማት ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1969 እና 70 ገደማ፣ ሊዮን ሮዘንበርግና ባልደረቦቹ ባቀረቡት ሐሳብ ነው። ያኔ የነበረው ችግር ፕሮጀክቶች ምን እናደርጋለን እንዳሉ በግልጽ አለመታወቁ፣ ተጠያቂውም አለመለየቱ ነበር። ስለዚህ አራት ረድፍና አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሠሩ። ረድፎቹ ከታች ወደ ላይ ተግባር፣ ውጤት፣ ዓላማና ግብ ናቸው፤ ዓምዶቹ ደግሞ መግለጫው፣ አመልካቹ፣ የማረጋገጫ ምንጩና ታሳቢው። የለውጥ ንድፈ ሐሳብ የመጣው በሌላ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ገምጋሚዋ ካሮል ዋይስ በአስፐን ኢንስቲትዩት ዙሪያ የአሜሪካ ከተሞችን የማኅበረሰብ ፕሮግራሞች ሲመረምሩ ከነበሩ ሰዎች ጋር ስትሠራ፣ እነዚህን ፕሮግራሞች መገምገም የከበደው ይህ ድርጊት ለምን ያንን ለውጥ ያመጣል ብለው እንደሚያምኑ ራሳቸው ባለቤቶቹ ስላልተናገሩት ነው አለች። ያልተነገረው እምነት ይጻፍ የሚለው ሐሳብ ነው ኋላ ንድፈ ሐሳቡን በየድርጅቱ ያሰራጨው።

እንግዲህ ልዩነታቸው ይህ ነው፦ ንድፈ ሐሳቡ «ለውጡ በምን በኩል ይመጣል? የእኛ ሥራ ከዚያ ውስጥ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሎግፍሬሙ ደግሞ «የእኛን ድርሻ መፈጸማችንን በምን እናውቃለን?» ይላል። አንዱ ለመጠርጠር ነው፣ ሌላው ለመፈራረም።

ምሳሌ እናንሣ። ምሳሌው ለትምህርት የተፈጠረ ነው፤ ስሌቱን ግን በራስዎ ጉድጓድ ቁጥር ሊደግሙት ይችላሉ። ግራና አካባቢ ፓምፑ የቆመ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ አለ እንበል፣ በሰከንድ 45 ሊትር የሚሰጥ። ሥሩ ያለው መሬት 20 ሄክታር ነው፤ 80 አባወራና እማወራ አንድ አንድ ጥማድ ተካፍለውታል። በጀቱ የሦስት ዓመት ነው። የተለመደው ሰነድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ ፓምፑ ይጠገናል፣ 80 ቤተሰብ በበጋ ሽንኩርት ያለማል፣ ገቢው ያድጋል።

መጀመሪያ መጨረሻውን ይጻፉ፤ ነገር ግን ሰው ይታይበት። «የኑሮ መሻሻል» ብለው ከጻፉ ማንም አይቃወምዎትም፣ ማንም ግን አይጠቀምበትም። ይልቁንስ «በሦስተኛው የበጋ ወቅት መጨረሻ ከጉድጓዱ ርቀው ያሉትና መሬታቸውን ራሳቸው ማረስ የማይችሉት ጭምር ከጥማዳቸው የሽንኩርት ገቢ በእጃቸው ያስገባሉ» ይበሉ። ዓረፍተ ነገሩ ረዘም ይላል፤ ግን ሁለት ዓይነት ሰዎችን ለይቶ ጠርቷል። ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ሁሉ እነሱ ጋ መድረስ አለመድረሱን መፈተን ነው።

ከዚያ ወደ ኋላ ይሂዱ። «ይህ እንዲሆን ከሱ በፊት የግድ ምን መሆን አለበት?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን በካርቶን ቁራጭ ይጻፉና ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ ስለዚያም እንደገና ይጠይቁ። ገቢ በእጅ እንዲገባ ሽንኩርቱ የሚያዋጣ ዋጋ ማግኘት አለበት፣ የሽያጩም ገንዘብ ባለመሬቱ ጋ መድረስ አለበት። ሽንኩርቱ እንዲደርስ ማሳው ከተከላ እስከ ምርት መሰብሰቢያ ውሃ ሳይቋረጥ ማግኘት አለበት። ውሃ እንዲያገኝ ፓምፑ መሥራት፣ መብራት መኖር፣ ተራው መጠበቅ አለበት። ከመጨረሻው ወደ ኋላ የሚሄዱት ለዚህ ነው፤ ከፓምፑ ቢነሡ ኖሮ ሐሳብዎ ሁልጊዜ «ስለዚህ ያለማሉ» ብሎ ይዘላል፣ የሽያጩ ገንዘብ ማን ኪስ ይገባል የሚለውን ካርቶን አያገኙትም።

አሁን ዋናው ሥራ ቀስቶቹ ላይ ነው። በሣጥኖቹ መካከል ባለው እያንዳንዱ ቀስት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ «ይህ ያንን የሚያስከትለው ምክንያቱ…» ብለው ይጀምሩ። የቁጥር ነገር ከሆነ ያስሉት። የሰው ጠባይና ጥቅም ከሆነ የሚያውቀውን ሰው ይጠይቁ። ከምሳሌያችን ሦስቱን ቀስቶች ረጋ ብለን እንያቸው።

የመጀመሪያው ከ«ፓምፑ ይሠራል» ወደ «80ው ማሳ ውሃ ያገኛል» የሚሄደው ነው። ሽንኩርት በሞቃት የበጋ ቀን ፍላጎቱ ጫፍ ሲደርስ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ ይህ በሄክታር 60 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ለ20 ሄክታር 1,200 ሜትር ኩብ ይሆናል። በቦይ ሲጠጣ ግን ከሚለቀቀው ውሃ ሥር ላይ የሚደርሰው 60 በመቶ ያህሉ ነው ብንል፣ በቀን 2,000 ሜትር ኩብ ማውጣት ያስፈልጋል። ጉድጓዱ በሰዓት 162 ሜትር ኩብ ስለሚሰጥ ፓምፑ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ መሥራት አለበት። መብራቱ በቀን ለ6 ሰዓት ብቻ ቢኖርስ? የሚወጣው 972 ሜትር ኩብ ነው፤ ይህም ከ10 ሄክታር ያነሰ ያጠጣል፣ ከ80ው ማሳ ወደ 39 ገደማ። ፓምፑ ተጠግኗል፣ ሠራተኛው ሥራውን ጨርሷል፤ የመሬቱ ግማሽ ግን አልጠጣም። የቱ ግማሽ እንደሆነም ማወቅ አይከብድም፤ የቦዩ ጭራ ነው። መጨረሻውን ስንጽፍ ለይተን ከጠራናቸው ሁለት ዓይነት ሰዎች አንደኛዎቹ የቀሩት በዚህ አንድ ቀስት ላይ ነው።

ይህ ስሌት ንድፉን የሚለውጠው እንዲህ ነው። ጠብታ መስኖ ውሃውን በ90 በመቶ ብቃት ቢያደርስ የሚፈለገው ሰዓት ወደ 8 ዝቅ ይላል። ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን የጠብታ ቧንቧ ቀዳዳው በደለልና በጨው ይደፈናል፣ ማጣሪያው በየጊዜው መታጠብ አለበት፣ መለዋወጫው መርሳ ገበያ ላይ እንደ ማጭድ አይገዛም። ስለዚህ አንዱን ጥርጣሬ (መብራት) በሌላ ጥርጣሬ (ጥገና) ለወጥነው እንጂ አላጠፋነውም። ሁለቱም ወረቀቱ ላይ ይጻፉና የትኛው እጃችን ላይ እንደሚሻል ይመዘን። እኔ ብሆን ጥገናውን የሚይዝ ሰው በየወሩ የሚከፈልበት መንገድ እስካልታየ ድረስ ቦዩን ይዤ የማጠጫ መሬቱን እቀንሳለሁ፤ ሌላው ሌላ ሊመርጥ ይችላል። ምርጫው ከነምክንያቱ መጻፉ ነው ቁም ነገሩ።

ሁለተኛው ቀስት ከምርቱ ወደ ዋጋው ነው። 80 ሰው ችግኙን በአንድ ሳምንት ኅዳር ላይ ቢተክል ከሦስት ወር ተኩል እስከ አራት ወር በኋላ በአንድ ሳምንት ምርቱን ይሰበስባል። የሸለቆው ሌላ ጉድጓድም እንዲሁ። ሽንኩርት ደግሞ በሞቃት አየር የማይቆይ ምርት ነው፣ የበልግ ካፊያም ቢነካው ይበሰብሳል፤ ደላላው ይህን ስለሚያውቅ አይቸኩልም። እዚህ ላይ የሚያስደስት ነገር አለ። መሬቱን ሁለት ቦታ ከፍሎ ግማሹን አንድ ወር አዘግይቶ መትከል ምርቱን በአንድ ሳምንት ገበያ ላይ ከመከመር ያድናል፣ የውሃውንም የፍላጎት ጫፍ ያለዝበዋል፤ አንዱ ገና ትንሽ ሲጠጣ ሌላው ብዙ ይጠጣልና። ሁለት የደከሙ ቀስቶችን የሚያጸና አንድ ተግባር ተገኘ ማለት ነው። በሠንጠረዥ ብቻ የጀመረ ሰው ይህንን ተግባር አያገኘውም፤ ሠንጠረዡ ውስጥ ውሃና ገበያ የሚቀመጡት በተለያየ ረድፍ ስለሆነ አይተያዩም።

ሦስተኛው ቀስት ከሁሉ የሚደበቀው ነው፦ ከሽያጩ ወደ ባለመሬቱ እጅ። በሬ የሌላት እማወራ ወይም ያረጀ ገበሬ መሬቱን በእኩል ይሰጣል፣ አለዚያም ቀድሞ ገንዘብ ተቀብሎ ለተወሰኑ ዓመታት በኮንትራት ያከራያል። ውሃው ሲመጣ በእኩል የሰጠችው ድርሻዋ ያድጋል፤ ዘርና ማዳበሪያ የሚያወጣው አራሹ ብቻ ከሆነ ግን ክፍፍሉን እንደገና እንደራደር ማለቱ አይቀርም። መሬቷን ውሃው ሳይመጣ በደረቅ ዋጋ ለሦስት ዓመት በኮንትራት የሰጠችው ግን ከፕሮጀክቱ አንድ ብር አታገኝም፤ ትርፉ የተከራዩ ነው። ሰነዱ ላይ ግን እሷም «ከ80ው ተጠቃሚ» አንዷ ሆና ትቆጠራለች። ይህን ለማወቅ ጥናት ማስጠናት አያስፈልግም። የሰማንያውን ጥማድ ዝርዝር ይዘው ከቀበሌ የመሬት ኮሚቴና ከውሃ አባቱ ጋር ይቀመጡና በእያንዳንዱ ስም ትይዩ አራሹ ማን ነው፣ በምን ውል፣ ውሉ መቼ ያልቃል ብለው ይጻፉ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከሴቶቹ ጋር ግን ለብቻቸው ይነጋገሩ፤ አራሹ ባለበት ስለ እኩሉ የምትናገር የለችም።

ሥዕሉን ካስቀመጡ በኋላ ለሚያፈርስልዎት ሰው ያሳዩት። አመስግኖ የሚሄድ አይጠቅምም። የውሃ አባቱ ተራ እንዴት እንደሚጣስ ያውቃል፤ ሽንኩርት የሚጭነው ነጋዴ መኪናው ሳይመጣ የሚቀርበትን ምክንያት ያውቃል፤ የመብራት ኃይል ሠራተኛው ትራንስፎርመሩ ስንት ፓምፕ እንደሚችል ያውቃል። ስሪንቃ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በዚሁ ወረዳ ውስጥ ስላለ ስለ ዝርያና ስለ አተካከል ጊዜ እዚያ መጠየቅ ይቻላል። እያንዳንዳቸውን «ይህ ቀስት የሚበጠሰው የት ላይ ነው?» ብለው ይጠይቁ። «ጥሩ ነው?» ካሉ ጥሩ ነው ይሉዎታል።

አሁን ቀይ መስመር ያስምሩ። ከመስመሩ በታች ያለው በገንዘብዎና በሰውዎ የሚያስፈጽሙት ነው፤ ከመስመሩ በላይ ያለው ሌሎች ሲያደርጉት የሚሆን ነው። ሎግፍሬሙ ከዚህ መስመር አካባቢ ተቆርጦ ይወጣል። እንዲህ ይሆናል፦ ተግባሩ ፓምፑን መጠገን፣ ቦዩን ማንጻት፣ ማኅበሩን ማደራጀት፣ የተከላ ተራ ማውጣት ነው። ውጤቱ በመጀመሪያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሥራ የጀመረ ፓምፕ፣ በመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት የተመዘገበና የውሃ ክፍያ የሚሰበስብ ማኅበር፣ እንዲሁም ሁሉም የፈረመበት የሁለት ዙር የተከላ ሰሌዳ ነው። ዓላማው ማሳዎቹ የቦዩን ጭራ ጨምሮ ሙሉ ወቅት መጠጣታቸውና ምርታቸው መሰብሰቡ ነው። ግቡ የባለመሬቶቹ ገቢ ነው፤ ግቡ ከመስመሩ በላይ ስለሆነ ለሱ ቃል አይገቡም፣ ይከታተሉታል እንጂ።

አመልካቹን ሲጽፉ ንድፈ ሐሳቡ የገለጠው ጥርጣሬ ውስጡ ይግባ። «80 ቤተሰብ ተጠቃሚ ሆነ» የሚለው አመልካች ፓምፑ በተከፈተ ቀን ይሟላል። ይልቁንስ «በሦስተኛው በጋ ከጭራው 20 ማሳዎች ቢያንስ 16ቱ ከተከላ እስከ ምርት መሰብሰቢያ ተራቸው ሳይታለፍ ውሃ አግኝተዋል» ይበሉ። ስንት፣ የት፣ መቼ፣ የማን የሚለው ሁሉ አለበት። የማረጋገጫ ምንጩም ቀላል ይሁን፦ የፓምፑ የሰዓት መቁጠሪያ፣ የውሃ አባቱ የተራ ደብተር፣ የማኅበሩ የደረሰኝ ጥራዝ። የቤት ለቤት ጥናት ከጻፉ የሚያካሂደውን ሰውና ወጪውን በጀት ውስጥ ያሳዩ፤ በጀት የሌለው አመልካች ማንም የማይሞላው ሣጥን ሆኖ ይቀራል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በታሳቢው ዓምድ ነው። ታሳቢ ማለት ከእጅዎ ውጭ የሆነ፣ ነገር ግን ካልሆነ ከአንድ ረድፍ ወደሚቀጥለው የማያሻግር ነገር ነው። «ገበሬው ፈቃደኛ ይሆናል» የሚለው ብዙ ጊዜ ታሳቢ አይደለም፤ ፈቃደኛ የሚሆንበትን ምክንያት ማበጀት የእርስዎ ሥራ ነው። «ፓምፑ በጥራት ይጠገናል»ም አይደለም፤ እሱ ራሱ ውጤቱ ነው። «በተከላና በምርት መሰብሰቢያ መካከል መብራት በቀን ከ12 ሰዓት በላይ ይኖራል» ግን ታሳቢ ነው፤ ከውጤቱ ረድፍ ጎን ይቀመጣል፣ እሱ ካልሆነ ውጤቱ ዓላማውን አይወልድምና።

እያንዳንዱን ታሳቢ በሁለት ጥያቄ ይመዝኑት፦ ባይሆን ይጎዳል? የመሆን ዕድሉስ? ብዙም የማይጎዳውን ይሰርዙት። የሚጎዳና የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለውን ይጻፉና ይከታተሉት። የሚጎዳና የመሆን ዕድሉ ዝቅ ያለ ከሆነ ንድፉን ይለውጡ እንጂ እዚያ ዓምድ ውስጥ አይቅበሩት። የ12 ሰዓቱ መብራት እንዲህ ያለ ነው። ለውጡ የማጠጫ መሬቱን መቀነስ፣ ተከላውን ማፈራረቅ ወይም የፀሐይ ኃይል ሊሆን ይችላል፤ ወይም ፕሮጀክቱን መተው። መተውም የንድፍ ውጤት ነው፤ በጀቱ የመጣ ሲሆን ይህን ማለት የሚደፍር ግን ጥቂት ነው።

እንግዲህ መቼ የቱ? ጉድጓዱ ከጦርነቱ በፊት በዚያው መሬት ላይ፣ በዚያው ማኅበር፣ ሳይከራከሩ ሲጠጣበት የነበረ፣ መብራቱም ተመልሶ የቀረው የተዘረፈው ፓምፕ ብቻ ከሆነ ሎግፍሬሙ ይበቃል። ሰንሰለቱ አጭርና አስቀድሞ የተፈተነ ነው፤ ሁለት ቀን ካርቶን መለጠፍ ገንዘብ ማባከን ነው። ተፈናቅለው የተመለሱ ገበሬዎች ሰኔ ላይ ለመዝራት ዘር ሲጠብቁም እንዲሁ፦ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ፣ የማከፋፈያ ዝርዝርና ቀን። ዘሩ ሐምሌ ላይ ከደረሰ ምንም ያህል የጠለቀ ንድፈ ሐሳብ አያድነውም።

ነገር ግን ሰዎች አሁን የማያደርጉትን እንዲያደርጉ የሚጠብቁ ከሆነ፣ ከእርስዎ ሌላ ሦስትና አራት ወገን መንቀሳቀስ ካለበት፣ ወይም ባለሙያዎችዎ ራሳቸው «እንዴት ይሠራል?» ለሚለው የተለያየ መልስ የሚሰጡ ከሆነ ከንድፈ ሐሳቡ ይጀምሩ። የመጨረሻውን ማወቅ ቀላል ነው፦ አምስት ሰዎች ለየብቻ «ይህ ሥራ ለምን ውጤት ያመጣል?» የሚለውን በሁለት መስመር ይጻፉ። አምስቱ አንድ ከሆኑ ሠንጠረዡን ይክፈቱ።

ብዙ ድርጅት የሚሠራበት ረዥም ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ አንድ የጋራ ንድፈ ሐሳብ ይኑርና የየድርሻው ሎግፍሬም ከሱ ሥር ይቀመጥ። ለዚህ ሁላችን የምናውቀው ምስክር አለ። በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ሴፍቲኔት የቤተሰቡን ጥሪት ከመሸጥ ይጠብቃል፣ በሕዝብ ሥራው መሬቱ ያገግማል፣ ቤተሰቡም በጥቂት ዓመታት ይመረቃል ተብሎ ታስቦ ነበር። ክፍያውና የሕዝብ ሥራው የሚቆጠሩ ውጤቶች ናቸው፤ የዘገየው ምረቃው ነው። ከክፍያው ወደ ምረቃው የሚሄደው ቀስት ብድርን፣ ዝናብንና ገበያን ተሸክሞ ነበር፣ እነዚህ ግን በክፍያው ሠንጠረዥ ውስጥ አልነበሩም። በ2002 ዓ.ም. የቤተሰብ ጥሪት ግንባታ ፕሮግራም የተጨመረው ይህንን ክፍተት ለመሙላት ነው። ሀብሩ ውስጥ ይህን ታሪክ ከሰነድ ሳይሆን ከዘመድ የሚያውቅ ብዙ ሰው አለ።

ሁለቱም መሣሪያዎች የሚበላሹበት የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ኔዘርላንድ ያስተምር የነበረው ዴስ ጋስፐር ስለ ሎግፍሬም የጻፈው ትችት ዛሬም ይሠራል፦ ያለ ምክንያት ትስስር የሣጥን መሙያ ሆኖ ይቀራል፣ ብዙ ነገር በግድ ይታጨቅበታል፣ አንዴ ከተጻፈ በኋላም ይቆለፋል። መቆለፉን የሚያውቁት የሩብ ዓመቱ ሪፖርት «ዕቅድ 80፣ ክንውን 80» እያለ ጭራው ላይ ያለው ማሳ ማሽላ ብቻ ሲያበቅል ነው። ንድፈ ሐሳቡ የሚበላሸው ደግሞ በመብዛትና በመለስለስ ነው። ሠላሳ ሣጥን፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር በቀስት የተያያዘ፣ መካከል ላይ «አቅም ግንባታ» የሚል። አንዱን ሣጥን በእጅዎ ይሸፍኑት። ሥራዎ ውስጥ ምንም የማይለወጥ ከሆነ ያ ሣጥን ጌጥ ነው፣ ያውጡት። ቀስቱንም እንዲሁ ይፈትኑ፦ «ይህ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ምን ለየት አድርገን እንሠራለን?» ለሚለው መልስ ከሌለዎት ገና አልጻፉትም።

ወረቀቶቹ የሚከፈቱበትን ጊዜ በግራና ከሽንኩርቱ ጋር ማስማማት ይሻላል። ምርቱ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ፣ ለሚቀጥለው ዓመት የችግኝ ዘር በመደብ ከመዘራቱ በፊት፣ መስከረም ላይ አንድ ቀን ይመድቡ። የሰዓት መቁጠሪያውን፣ የተራ ደብተሩንና የውል ዝርዝሩን ይዘው ሦስቱን ቀስቶች እንደገና ያንብቡ። ቀስት ከተለወጠ ቀኑንና ምክንያቱን ጎኑ ላይ ጽፈው ይቀጥሉ፤ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ተግባር ወይም በጀት የሚነካ ሲሆን ግን ስምምነቱን ለፈረመው ቢሮና ለለጋሹ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ የዓላማ አመልካች ሲሆን ደግሞ ቀደም ብሎ መነጋገር። ደብዳቤውን መስከረም ላይ የላኩ እንደሆነ መልሱ ለኅዳሩ ተከላ ይደርሳል፤ ጥር ላይ ከላኩት ግን ችግኙ መሬት ይዟልና የሚለወጠው የሚቀጥለው ዓመት ነው።